ከምሳ በኋላ የሚጠፋው ሰርቨር

«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ በመስኮት ማዶ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ከጀርባው የመብራት ወይም የኔትወርክ መቋረጥ ይኖራል። አንዳንዴ ግን መብራት አለ፣ ኔትወርክ ይሠራል፣ ዳታቤዙ ያለበት ሰርቨርም ለአፍታ አልጠፋም። ብልሽቱ ደግሞ ሰዓት ይመርጣል፤ ጠዋት ሱቅ ሲከፈት፣ ከምሳ መልስ ወይም ሰኞ ማለዳ ይመጣል። ወረፋው በረዘመበትና ገንዘብ ተቀባዩ ፋታ ባጣበት ሰዓት ግን ዝር አይልም። ባለሙያ ተጠርቶ ሲደርስ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ያገኘዋል፤ የፕሮግራሙን የስህተት መዝገብ ሲከፍት ግን ይህች መስመር ትጠብቀዋለች።

```
ERROR 2006 (HY000): MySQL server has gone away
```

ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ በብዙ የሱቅ፣ የትምህርት ቤትና የድረ ገጽ ሥርዓቶች ውስጥ ስላለ መልእክቱን ያላየ ባለሙያ ማግኘት ይከብዳል። መልእክቱ ሰርቨሩ ጥሎ ሄደ ይላል። በእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ግን ሰርቨሩ የትም አልሄደም፤ የተዘጋው በእሱና በፕሮግራሙ መካከል የነበረው ግንኙነት ብቻ ነው። የተዘጋውም ለረጅም ጊዜ ምንም ስላልተላለፈበት ነው። የሚቀረው ጥያቄ ማን ዘጋው የሚለው ነው። ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ራሱ ዳታቤዙና በመንገድ ላይ የቆመው ፋየርዎል። ሁለቱ የሚተዉት ምልክት ስለሚለያይ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አንድ መድኃኒት ቤት አለ እንበል። ሽያጩን የሚመዘግበው ፕሮግራም በአንድ የሊነክስ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ዳታቤዙ ደግሞ እዚያው ሱቅ ጓዳ ውስጥ ባለ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተጭኗል። ሱቁ ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል፣ ማታ 2 ሰዓት ይዘጋል፤ እሑድ ያርፋል።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የሆነው

ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ሽያጭ አዲስ ግንኙነት አይከፍትም። አዲስ ግንኙነት በተከፈተ ቁጥር ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይመረመራል፣ ዳታቤዙም ለዚያ ግንኙነት ማስታወሻ ይመድባል። ይህን ጣጣ ለመቀነስ ፕሮግራሙ ጥቂት ግንኙነቶችን ከፍቶ ያስቀምጣል። በእኛ ምሳሌ አምስት ናቸው። ሽያጭ ሲመጣ አንዱን ያነሣል፣ ሲጨርስ ይመልሰዋል። ቀን ቀን ግንኙነቶቹ ሲነሡና ሲመለሱ ይውላሉ። ማታ 2 ሰዓት በሩ ሲዘጋ ግን አምስቱም ክፍት እንደሆኑ ጸጥ ይላሉ።

ማይኤስኪውኤል ጸጥ ያለ ግንኙነትን ለዘላለም አይታገሥም። `wait_timeout` የሚባል የጊዜ ገደብ አለው፤ አንድ ግንኙነት በተከታታይ ስንት ሰከንድ ያለ ጥያቄ ከቆየ ይዘጋ የሚለውን የሚወስነው ይህ ነው። ማንም ካልነካው ዋጋው 28800 ሰከንድ፣ ማለትም 8 ሰዓት ነው። የመጨረሻው ሽያጭ ማታ 2 ሰዓት ከሆነ ስምንቱ ሰዓት ሌሊት 10 ላይ ይሞላል። ያኔ ዳታቤዙ አምስቱንም ግንኙነቶች ይዘጋቸዋል።

ዳታቤዙ ሲዘጋ በድብቅ አይዘጋም፤ መዝጋቱን የሚገልጽ ፓኬት ይልካል፣ የፕሮግራሙ ኮምፒውተርም ይቀበለዋል። ችግሩ መልእክቱ የሚደርሰው ለኮምፒውተሩ ስርዓተ ክወና እንጂ ለሽያጭ ፕሮግራሙ አለመሆኑ ነው። ፕሮግራሙ ሌሊቱን ምንም ስለማይጠይቅ ምንም አያነብም። ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛ መጥቶ ገንዘብ ተቀባይዋ «መዝግብ» የሚለውን ስትጫን ብቻ ወደ ሞተው መስመር ይጽፋል፤ የምናውቀው ስህተትም በዚያው ቅጽበት ይመጣል።

እንደገና ሲሞከር የሚሠራውም ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ የወደቀውን ግንኙነት ጥሎ አዲስ ይከፍታል። ሆኖም በመጠባበቂያ ያሉት አምስት ስለሆኑና አምስቱም ስለተዘጉ፣ ፕሮግራሙ አንድ በአንድ እያነሣ ሊወድቅባቸው ይችላል። «ጠዋት ጠዋት አራት አምስት ጊዜ ካልሞከርኩት አይሠራም» የሚል ገንዘብ ተቀባይ እያጋነነ አይደለም።

በአዳዲሶቹ የማይኤስኪውኤል እትሞች ይህ በተወሰነ ደረጃ ግልጽ ሆኗል። ከ8.0.24 ጀምሮ ዳታቤዙ ሲዘጋ ምክንያቱንም ይናገራል። አዲሱን መልእክት የሚረዳ ፕሮግራም ከ2006 ይልቅ ቁጥር 4031ን ያሳያል፤ ግንኙነቱ ያለ ሥራ ስለቆየ መዘጋቱንና የትኛው ገደብ መታየት እንዳለበትም አብሮ ይነግራል።

የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ብዙዎች የሚያደርጉትን አደረገ እንበል፤ ገደቡን ወደ 86400 ሰከንድ፣ ማለትም ወደ 24 ሰዓት ከፍ አደረገው። የጠዋቱ ችግር ቀረ። ሰኞ ጠዋት ግን ተመልሶ መጣ። ምክንያቱ በሒሳብ ግልጽ ነው፤ ከቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት 36 ሰዓት ነው። ገደብን መለጠጥ ብልሽቱን አላጠፋውም፤ ወደ ረጅሙ ዝምታ ብቻ አሻገረው።

ዳታቤዙ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲሄድ

መድኃኒት ቤቱ አድጎ ቅርንጫፍ ከፈተ። ዳታቤዙም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ በሱቁና በዋናው መሥሪያ ቤት መካከል ፋየርዎል ቆመ። ከዚያ ወዲህ ችግሩ ከምሳ በኋላ መታየት ጀመረ። ሱቁ ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ተኩል ለምሳ ይዘጋል። ከምሳ መልስ የመጀመሪያው ሽያጭ ወዲያው አይወድቅም፤ ማያ ገጹ ደርቆ ይቀራል። ደቂቃ አልፎ ደቂቃ ይተካል፣ ደንበኛው ተማርሮ ይሄዳል፣ ስህተቱ የሚታየው ከረጅም ጥበቃ በኋላ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ከ24 ሰዓት ገደብ ጋር በምንም ስለማይገናኝ `wait_timeout` እዚህ ከደሙ ንጹሕ ነው።

ፋየርዎሉ የሚሠራው ልክ ባለጉዳይን በመዝገብ እንደሚያሳልፍ የግቢ ጥበቃ ነው። ግንኙነት ሲከፈት በማስታወሻው ውስጥ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ከየትኛው ኮምፒውተር ወደ የትኛው፣ በየትኛው በር። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ፓኬት ሁሉ ከመዝገቡ ጋር እያመሳከረ ያሳልፋል። መዝገቡ ግን ወሰን አለው። በመሃል መብራት የጠፋባቸውና ሳይዘጉ የቀሩ ግንኙነቶች እየተከማቹ እንዳይሞሉት ፋየርዎሉ ለተወሰነ ጊዜ ፓኬት ያላለፈበትን መስመር ይሰርዛል። በአንዳንድ ታዋቂ ፋየርዎሎች ይህ ጊዜ ማንም ካልቀየረው 1 ሰዓት ነው፤ የእኛም እንዲሁ ነው እንበል።

ቁም ነገሩ ፋየርዎሉ ሲሰርዝ ለማንም አለመናገሩ ላይ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ዳታቤዙ ቢያንስ መዝጋቱን ልኮ ነበር። 7 ሰዓት ላይ ፋየርዎሉ መስመሩን ሲሰርዝ ግን ሱቁም ዳታቤዙም ግንኙነቱ ክፍት መስሏቸው ይቀራሉ። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ከሱቁ የተላከው የሽያጭ ጥያቄ ፋየርዎሉ ጋ ሲደርስ መዝገብ ላይ የለም። አንዳንድ ፋየርዎል «ይህ ግንኙነት የለም» የሚል መልስ ይመልሳል፤ ያኔ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። ብዙዎቹ ግን ፓኬቱን ዝም ብለው ይጥሉታል።

የሱቁ ኮምፒውተር ፓኬቱ በመንገድ የጠፋ መስሎት ደግሞ ይልካል። መልስ ሲያጣ የመጠበቂያ ጊዜውን እያራዘመ መልሶ መላላክ ይቀጥላል። ሊነክስ ካልተነካ በስተቀር 15 ጊዜ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ይህም ሁሉ ተደምሮ ከ15 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ፕሮግራሙ የራሱ የመጠበቂያ ገደብ ከሌለው ማያ ገጹ የሚደርቀው ለዚህን ያህል ጊዜ ነው።

ሁለት ሰዓት የሚጠብቀው ልብ ትርታ

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ኮምፒውተሮች ዝም ባለ መስመር ላይ እየቆዩ ‹አለህ?› የሚባባሉበት መንገድ የለም ወይ?» ቢል ትክክል ነው። አለ፤ ባለሙያዎች ኪፕአላይቭ ይሉታል። ግንኙነቱ ጸጥ ሲል ስርዓተ ክወናው ራሱ ባዶ ፓኬት ይልካል፣ ወዲያ ማዶ ያለውም ይመልሳል። ፓኬቱ በፋየርዎሉ በኩል ስለሚያልፍ የመዝገቡ ሰዓት ከዜሮ ይጀምራል። ማይኤስኪውኤልም ይህን አገልግሎት በግንኙነቶቹ ላይ ያበራል።

ታዲያ ምሳ ላይ ለምን አልረዳም? ምክንያቱም ሊነክስ የመጀመሪያውን ፓኬት የሚልከው ከ7200 ሰከንድ፣ ማለትም ከ2 ሰዓት ጸጥታ በኋላ ነው። ፋየርዎሉ በ1 ሰዓት ሰርዟል፤ ምሳው ራሱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የመጀመሪያው «አለህ?» ከመነገሩ በፊት ነገሩ ሁሉ አልቋል።

ይህ 2 ሰዓት ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም። በ1989 የወጣው አርኤፍሲ 1122 የተባለ የኢንተርኔት ደንብ፣ ኪፕአላይቭ ሲበራ መነሻ ቆይታው ከ2 ሰዓት እንዳያንስ ደነገገ። በ2008 የወጣው አርኤፍሲ 5382 ደግሞ አድራሻ የሚቀይሩ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ የቤትና የቢሮ ራውተሮች፣ ጸጥ ያለ የተከፈተ ግንኙነትን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በፊት እንዳይሰርዙ ጠየቀ። አራቱ ደቂቃ ትርፍ የተቀመጠው የ2 ሰዓቱ ትርታ ደርሶ እንዲያልፍ ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱ ደንቦች ይገጣጠማሉ። በተግባር ግን ብዙ መሣሪያዎች ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ገደብ ይዘው ይመጣሉ። በአማዞን ክላውድ የናት ጌትዌይ ገደብ 350 ሰከንድ ነው፤ የማይክሮሶፍት አዙር የጭነት ማከፋፈያ ካልተቀየረ 4 ደቂቃ ብቻ ይታገሣል። ከእነዚህ በአንዱ በኩል የሚያልፍ ዳታቤዝ ያለው ሰው ምሳ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ አንድ ቡና ጠጥቶ እስኪመለስ መስመሩ ይዘጋበታል።

ማን እንደዘጋው እንዴት ይታወቃል?

የመጀመሪያው ምልክት የስህተቱ ፍጥነት ነው። ቁልፉ እንደተጫነ ከወደቀ፣ የመዝጋቱ ዜና አስቀድሞ ደርሷል ወይም የማያሻማ እምቢታ ተመልሷል ማለት ነው፤ ዳታቤዙን ቀድሞ መጠርጠር ያዋጣል። ደርቆ ቆይቶ ከወደቀ ግን ፓኬቶቹ መንገድ ላይ እየተጣሉ ነው፤ ወደ ፋየርዎሉ መሄድ ነው።

ሁለተኛው ምልክት ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ነው። ማያ ገጹ ደርቆ ባለበት ሰዓት ሌላ ሰው ዳታቤዙ ላይ `SHOW PROCESSLIST;` ብሎ ቢጠይቅ፣ ያ የሱቁ ግንኙነት `Sleep` ተብሎ፣ ወደ 5400 ሰከንድ የሚጠጋ ዕድሜ ይዞ ተቀምጦ ያገኘዋል። ዳታቤዙ እሱን አልዘጋውም፤ አሁንም የሱቁን ጥያቄ እየጠበቀ ነው። ግንኙነቱ ከዝርዝሩ ላይ ከሌለ ግን የዘጋው ዳታቤዙ ሊሆን ይችላል።

የዳታቤዙን ገደብ ለማየት ይህ ይበቃል፦

```
SHOW GLOBAL VARIABLES LIKE '%_timeout';
SHOW GLOBAL STATUS LIKE 'Uptime';
```

በመጀመሪያው ትእዛዝ ውስጥ `GLOBAL` የምትለው ቃል መዘለል የለባትም። ሰው እየጻፈ የሚገባበት የማይኤስኪውኤል መስኮት ገደቡን የሚወስደው `interactive_timeout` ከሚባል ሌላ ቅንብር ነው። ስለዚህ ቃሉን የተወ ሰው የራሱን መስኮት ገደብ አይቶ የፕሮግራሙ መስሎት ሊሳሳት ይችላል። ሁለተኛው ትእዛዝ ዳታቤዙ ከተነሣ ስንት ሰከንድ እንደሆነው ይናገራል። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ዳታቤዙ በእርግጥም ወድቆ ተነሥቷል፤ የዝምታ ጉዳይ አይደለም። በተመሳሳይ፣ ስህተቱ የሚመጣው ሥራ በሞቀበት ሰዓት ትልቅ ፎቶ ወይም ፋይል ሲጫን ብቻ ከሆነ መመርመር ያለበት የአንድ ጥያቄ መጠን ጣሪያ የሆነው `max_allowed_packet` ነው። ያም ይህንኑ ቁጥር 2006 ያመጣል።

የፋየርዎሉን ገደብ ለመለካት ደግሞ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ከሱቁ ኮምፒውተር ወደ ዳታቤዙ በትእዛዝ መስኮት ይገባና እንዲህ ይጠየቃል፦

```
SELECT SLEEP(4200);
```

ይህ ዳታቤዙን «70 ደቂቃ ቆይተህ መልስልኝ» የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው በሂደት ላይ ስለሆነ የ`wait_timeout` ሰዓት አይቆጥርም፤ በመስመሩ ላይ ግን ለ70 ደቂቃ አንድም ፓኬት አያልፍም። ስለዚህ ፈተናው ዳታቤዙን ከጨዋታ አውጥቶ መንገዱን ብቻ ይመዝናል። በ70 ደቂቃ መልስ ከመጣ መንገዱ ያን ያህል ዝምታ ይችላል። ጊዜው አልፎም ካልመጣ መልሱ መንገድ ላይ ተጥሏል። በ1800 ሰከንድ ተመልሶ በ4200 ካልተመለሰ ገደቡ በሁለቱ መካከል ነው፤ በ3000 ደግሞ ሞክሮ ማጥበብ ይቻላል። የፋየርዎሉን ቅንብር የማየት ፈቃድ የሌለው የሶፍትዌር ባለሙያ ለኔትወርክ ክፍሉ ይዞ የሚሄደው ማስረጃ ይህ ነው።

ቀድሞ የሚተወው ፕሮግራሙ ይሁን

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ደንብ አንድ ነው፤ ግንኙነቱን ቀድሞ መተው ያለበት የሚጠቀምበት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ አርጅቷል ብሎ የጣለው ግንኙነት ማንንም አይጎዳም፤ በእጁ ላይ እያለ ሌላ የዘጋበት ግን ሽያጭ ያደናቅፋል። ስለዚህ የፕሮግራሙ ገደብ ከሁሉም ያነሰ፣ የፋየርዎሉ ከሱ የበለጠ፣ የዳታቤዙ ደግሞ ከሁለቱም የበለጠ መሆን አለበት። በመድኃኒት ቤቱ ይህ 30 ደቂቃ፣ 1 ሰዓትና 8 ሰዓት ይሆናል። ገደቡን ወደ 24 ሰዓት መለጠጥ ከመጀመሪያውም አያስፈልግም ነበር።

ፕሮግራሙ በፓይተን የተጻፈና በኤስኪውኤልአልኬሚ የሚሠራ ከሆነ ለውጡ አንዲት መስመር ናት፦

```
engine = create_engine(URL, pool_recycle=1800, pool_pre_ping=True)
```

`pool_recycle` ማለት ዕድሜው 1800 ሰከንድ ያለፈ ግንኙነት ሲነሣ ሳይጠቀሙበት በአዲስ ይተካ ማለት ነው። በጃቫ ታዋቂ የሆነው ሂካሪሲፒ `maxLifetime` በሚባለው ቅንብር ይህንኑ ያደርጋል፤ የሱም መነሻ ዋጋ 30 ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ቅንብር `pool_pre_ping` ግንኙነቱን ከመጠቀም በፊት «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ይህን ብቻ አድርጎ ያርፋል። ለሌሊቱ 10 ሰዓት ችግር በእርግጥም ይበቃል፤ መዝጋቱ ስለደረሰ ጥያቄው ወዲያው ይወድቅና አዲስ ይከፈታል። ለምሳው ችግር ግን አይበቃም። ፋየርዎሉ ሽያጩን እንደሚጥል ሁሉ ጥያቄውንም ይጥለዋል፤ ፕሮግራሙም አሁን «አለህ?» ብሎ 15 ደቂቃ ይጠብቃል። የመልስ መጠበቂያ ገደብ ማሳጠር ይረዳል፤ ሆኖም ያ ገደብ የወር መጨረሻ ሪፖርትን የመሰለ ረጅም ጥያቄንም ሊቆርጥ ስለሚችል መጠኑ በጥንቃቄ ይወሰናል።

ፕሮግራሙን መቀየር የማይቻልበት ጊዜም አለ፤ ተገዝቶ የመጣና ኮዱ የማይነካ ይሆናል። ያኔ የስርዓተ ክወናውን ትርታ ማፍጠን ይቻላል።

```
sudo sysctl -w net.ipv4.tcp_keepalive_time=600
```

ይህ 2 ሰዓቱን ወደ 10 ደቂቃ ያወርደዋል፤ ፋየርዎሉ 1 ሰዓት ሳይሞላው ፓኬት ያያል። የሚጠቅመው ግን ኪፕአላይቭን ላበሩ ግንኙነቶች ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ እንዳይረሳውም በ`/etc/sysctl.d` ውስጥ መጻፍ አለበት። የ`wait_timeout`ን ሰዓት ደግሞ አይነካውም። ዳታቤዙ የሚቆጥረው ጥያቄን እንጂ ባዶ ፓኬትን ስላልሆነ የሌሊቱ 10 ሰዓት መዘጋት እንዳለ ይቆያል።

ደግሞ መሞከር መቼ ያሰጋል?

አንዳንድ ገንቢዎች ሁሉንም ትተው «ከወደቀ ራሱ ተገናኝቶ ይድገመው» ይላሉ። ይህ አቋራጭ አንድ ወጥመድ አለው። ግንኙነት ሲዘጋ ያልጸደቀ ሥራ ሁሉ ይሰረዛል፤ በግንኙነቱ ላይ የተያዙ ቁልፎችና ጊዜያዊ ሠንጠረዦችም አብረው ይጠፋሉ። ከመድኃኒት ክምችቱ መቀነስና ገንዘቡን መመዝገብ አንድ ላይ ሊጸድቁ ሲገባ፣ በመሃል በድብቅ የታደሰ ግንኙነት ሁለተኛውን ብቻ ሊያጸድቅ ይችላል። ማይኤስኪውኤል ራሱ በራስ ሰር መልሶ የመገናኘት አማራጩን ከ8.0.34 ጀምሮ እንዳይጠቀሙበት ወደሚመከሩት ነገሮች አዛውሮታል።

ከ2006 ጎን የሚታየው ቁጥር 2013 ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ግንኙነቱ የጠፋው ጥያቄው ከተላከ በኋላ መልስ ሲጠበቅ ነው ማለት ነው። ዳታቤዙ ሽያጩን መዝግቦ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ በጭፍን ከደገመው አንድ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ለዚህ የሚሠራው መከላከያ እያንዳንዱ ደረሰኝ ከመላኩ በፊት የራሱን ቁጥር እንዲይዝና ዳታቤዙም አንድን ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይቀበል ማድረግ ነው። ያኔ የተደገመው ሽያጭ «ይህ ደረሰኝ አለ» የሚል መልስ ያገኛል፤ ገንዘብ ተቀባይዋም የመጀመሪያው ሙከራ መመዝገቡን ታውቃለች።